በሃምሳ ብር ለምታመሰግነው ወዳጄ

ወዳጄ ሆይ፣ ሥራ ማግኘትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እንደነገሩኝ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። አንድ ነጋዴ በቴሌግራም ዕቃ ይሸጣል፤ አንተ ዕቃውን ሳታየው የገዛህ መስለህ ታመሰግነዋለህ፤ እሱም ለአንድ ምስጋና ሃምሳ ብር ይልክልሃል። ከቤት አይወጡበት፣ ጫማ አይጨርሱበት። በዚህ ኑሮ ሃምሳ ብር የሚንቅ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም።

ያልተደሰትኩት በሥራህ ጥራት ነው። የጻፍካቸውን አንድ በአንድ አየኋቸው። ባለሙያ ሙያውን እንዲህ ሲያበላሽ ዝም ብሎ ማለፍ ስለከበደኝ፣ ገዢ በምን በምን እንደሚይዝህ ልነግርህ ተነሳሁ። ሰምተህ ታረም። ይህን ጽሑፍ ከአንተ ሌላ ገዢዎችም ያነቡት ይሆናል፤ ለዚያ ምንም ላደርግልህ አልችልም።

ለምስጋና መከፈል በእኛ አገር ነውር ሆኖ አያውቅም፤ በዚህ አትሸማቀቅ። አዝማሪ ሲያወድስህ ብር ታወጣለህ፤ ብሩ ግን የሚለጠፈው ግንባሩ ላይ ነው። ማን ከፍሎ ማን እንደተወደሰ ቤቱ በሙሉ እያየ ይስቃል፤ አንበሳ ነህ ቢልህ ከአጠገብህ የሚሸሽ የለም። የአንተ ብር በቴሌብር ገብቶ እዚያው ይሰወራል። ልዩነቱ ይሄው ነው፤ ሕግም የሚመጣው በዚሁ በር ነው። በአሜሪካ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጋዴ የሐሰት አስተያየት እንዳይጽፍ፣ እንዳይገዛና እንዳይሸጥ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ ይከለክለዋል። እኛ ዘንድ ስለ አስተያየት ለይቶ የሚናገር ባይሆንም፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ስለ ዕቃው ሐሰተኛ ወይም አሳሳች ነገር እንዳይናገር ከልክሏል። አዋጁ የሚጠራው ነጋዴውን ነው። ነጋዴው ደግሞ የተጠራ ዕለት ማንን እንደሚጠራ አንተ ታውቃለህ።

አሁን ከአዋጁ ይልቅ ልትፈራቸው የሚገባ ሰው ላስተዋውቅህ። አዲስ ዓለም ውስጥ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ አንዲት እናት አሉ፤ ሰፈሩ እትዬ ይላቸዋል። (ምኒልክ መዲና ሊያደርጓት አስበው ሕንፃ ያስጀመሩላት፣ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ሲያወጣት ደግሞ ሐሳባቸውን የተዉት ከተማ ናት። ተሞግሶ መቅረት ምን እንደሆነ ከተማችን ከማንም በላይ ታውቃለች።) እትዬ ዕድሜያቸውን በሙሉ በማገዶ ጋግረው፣ ዘንድሮ ልጃቸው የኤሌክትሪክ ምጣድ ይግዙ ብሎ ብር ላከላቸው። ምጣዱ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ሻጩ ያለው ስልክ ውስጥ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ያለች የልጅ ልጃቸው ቻናሉን ከፍታ ምስጋናዎቹን ታነብላቸው ጀመር። ከቡናው አጠገብ ተቀምጬ ስለነበር የሰማሁትን ልድገምልህ። ሦስቱም የአንተ ናቸው፤ አጻጻፋቸውን እንዳለ ትቼዋለሁ።

«ሠላም ናችሁ፡፡ ምጣዱ በጣም አሪፍ ነዉ፡፡ ኑሮዬን ነዉ የቀየራችሁልኝ፡፡ ባለቤቴም በጣም ተደስቷል፡፡»

«ሠላም ናችሁ፡፡ እኔ በስራ የተወጠርኩ ሰዉ ነኝ፡፡ ይህን ምጣድ ከገዛሁ ወዲህ ግን እፎይ አልኩ፡፡ ምርጥ ጥራት ነዉ፡፡»

«ሠላም ናችሁ፡፡ ለእናቴ የበዓል ስጦታ ገዝቼላት በደስታ አለቀሰች፡፡ ታማኝ ናችሁ፡፡ ሁላችሁም ግዙ፡፡»

እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ስለ ምጣዱ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ።

«አሪፍ ነው ብለዋል እኮ፣ እማማ።»

«እሱን ሰማሁ። ስለ ምጣዱ ምን አሉ?»

ልጅቷ እንደገና አነበበች። ስለ ባለቤት አለ፣ ስለ ሥራ አለ፣ ስለ እናት እንባ አለ። ምጣድ ግን የለም።

የመጀመሪያ ጥፋትህ ይህ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛ ሰው ወሬ አያጣም። ሸክላው ሳይሟሽ አይጋገርበትም፤ በጎመን ዘር እያሹ እያጋሉ ቤቱ በጭስ ይታጠናል፣ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ተጣብቀው ይቀራሉ። ከሥር ያለው ሽቦ እኩል ካልተዘረጋ መሃሉ ሲያር ዳር ዳሩ ሊጥ ይሆናል። ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ደካማ ሶኬት ይግላል፣ ይቀልጣል፤ የቤቱ መስመር ካልቻለውም ሁሉንም ያጨልማል። ገመዱ ከሶኬቱ አይደርስም። አክንባሎው አይገጥምም። ምጣዱን የወደደችው ሴት እንኳ ከእነዚህ አንዱን ሳታነሳ አታመሰግንም፤ ምስጋናዋ የሚጀምረው ከመከራው ነው። በዚያው ቻናል፣ ከአንተ አሥራ ምናምን ምስጋናዎች መካከል አንድ እንዲህ የሚል አለ፦ «መጀመሪያ ዳር ዳሩን አልበስል ብሎኝ ተናድጄ ነበር በደንብ ሳሟሸው ተሻለ። ገመዱ ግን አጭር ነው ለምንድነው እንዲህ የምታሳጥሩት»። እትዬ እሱን ሲሰሙ «ይቺ ጋግራለች» አሉ።

ይህ የእትዬ ብቻ ጠባይ እንዳይመስልህ። በ2011 እ.ኤ.አ. የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቺካጎ ስላሉ 20 ሆቴሎች 800 አስተያየቶች ሰበሰቡ። 400ዎቹ እውነተኞች ነበሩ፤ 400ዎቹ ለአንዱ አንድ ዶላር ተከፍሏቸው ሆቴሉን ሳያዩ የጻፉ ሰዎች ሥራ ናቸው፤ ማለትም የሙያ ባልደረቦችህ። እውነተኞቹ ስለ ቦታው ያወራሉ፤ ስለ መታጠቢያ ቤቱ፣ ስለ ፎቁ፣ ስለ ክፍሉ ጥበት። ተከፋዮቹ ስለ ራሳቸው ያወራሉ፤ «እኔ» ይበዛባቸዋል፣ ከባላቸው ጋር ለዕረፍት ወይም ለሥራ እንደመጡ ይተርካሉ። ያልነበሩበትን ክፍል ስፋት ከየት ያምጡት? ባል ግን ለሁሉም ሰው በእጁ ነው። አንተም ቺካጎን ሳታይ «ባለቤቴም በጣም ተደስቷል» አልክ።

የምሥራቹን ግን አልደብቅህም። በዚያው ጥናት አስተያየቶቹን ሰዎች በዓይናቸው እያነበቡ ለዩ ሲባሉ፣ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እምብዛም አልተሻሉም። ኮምፒውተር ቃላቱን ሲቆጥር ግን ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉን በትክክል ለየ። ስለዚህ ስሜቱን አምኖ «ይሄ እውነት ይመስላል» የሚል ገዢ ሲሳይህ ነው። ቆጥሮ «ስለ ዕቃው ስንት ነገር ነገረኝ?» የሚል ገዢ ሲመጣ ሽሽ።

ማጠር ግን አያስጠረጥርም፤ ገዢዎችም ይህን ልብ ቢሉ ጥሩ ነው። የእኛ ሰው ዕቃ ወዶለት እንኳ «አሪፍ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ተራው ሰው ሲረካ ሁለት ቃል፣ ሲናደድ ሁለት ገጽ ይጽፋል። የሚያስጠረጥረው ረጅም ሆኖ ባዶ የሆነው ነው፤ አምስት ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ምጣዱ አንዴም ያልጋለበት።

ሁለተኛው ጥፋትህ ፊደልህ ነው። አማርኛ ለውሸታም ምቹ ቋንቋ አይደለም። ሰላምን በንጉሡ ሠ የሚጽፍ አለ፣ በእሳቱ ሰ የሚጽፍ አለ፤ ዕቃን በዓይኑ ዐ የሚጀምር አለ፣ በአልፋው አ የሚጀምር አለ። «ነው» የሚል አለ፣ «ነዉ» የሚል አለ። ዓረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ የሚዘጋ አለ፣ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ነክቶ አራት የሚያስመስል አለ፣ ምንም የማይዘጋ ደግሞ ብዙ ነው። ሰው ይህን አስቦ አይመርጥም፤ ጣቱ የለመደው ነው። አሥር እውነተኛ ደንበኞች አሥር ዓይነት አጻጻፍ ያመጣሉ። የአንተ ሁሉም «ሠላም» ብለው ይገባሉ፣ «ነው» ላይ ሲደርሱ «ነዉ» ይላሉ፣ በተሰበረ አራት ነጥብ ይዘጋሉ። ልጅቷ ይህን ያየችው ከእኔ በፊት ነው፤ ክፍሏ ውስጥ ማን ከማን የቤት ሥራ እንደገለበጠ የሚታወቀው እንዲህ ነው አለችኝ።

አንድ ተጨማሪ ነገር በዚሁ ላይ። የነጋዴህ ቻናል «ከአምቦ፣ ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከሆለታ ደንበኞቻችን» ይላል። ይህን ያህል የምዕራብ ሸዋ ሰው ገዝቶ አንድ «ገለቶማ» የሚል አይገኝም? የእኛ አካባቢ ሰው ሲደሰት በኦሮምኛ ይጀምርና በአማርኛ ይጨርሳል፣ ወይም ሁለቱንም በእንግሊዝ ፊደል ይጽፋል። አንተ አራቱን ከተማ አንድ ዓይነት አማርኛ አናግረሃቸዋል። ቢያንስ ኦሮምኛ የሚችል ረዳት ቅጠር፤ ወጪው ግን ከሃምሳ ብሩ ላይ ነው።

ወደ ፎቶዎቹ እንምጣ። በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው ኮከብ የሚያስሰጥበት ሰሌዳ ስለሌለው «ደንበኛችን የላኩልን» እያለ የመልእክቱን ስክሪንሾት ይለጥፋል። ስምና ፎቶ ይሸፈናል፤ በዚህ አልወቅስህም፣ ታማኝ ነጋዴም የደንበኛውን ስም ይሸፍናል። ነገር ግን ቴሌግራም ላይ የደረሰህ መልእክት በግራ ይቀመጣል፣ አንተ የላክኸው በቀኝ ይቀመጣል፣ ከላክኸው ሥርም የራይት ምልክት ይደረጋል። ነጋዴው ከስልኩ ላይ ያነሳው ከሆነ የደንበኛው ምስጋና በግራ፣ ያለ ራይት መታየት አለበት። ከተለጠፉልህ አራቱ ላይ ምስጋናው በቀኝ ሆኖ ሁለት ራይት አለበት። ማለትም ፎቶው የተነሳው ከአመስጋኙ ስልክ ነው። ደንበኛዋ ራሷ አንስታ ልካ ይሆናል ብዬ አንዴ ላምንህ እችላለሁ። አራቴ ግን ይከብዳል።

የቀሩት ደግሞ ከላይም ከታችም ተቆርጠዋል። እትዬ ይህን ሲያዩ ምን እንዳሉ ታውቃለህ? «ዋጋ ሳይጠይቅ የገዛ ሰው አለ?» እውነተኛ ግብይት ከምስጋናው በላይ ታሪክ አለው። «ስንት ነው?» አለ። «የመጨረሻውን ንገሩኝ» አለ። «አዲስ ዓለም ትልካላችሁ?» አለ፣ «ለሹፌሩ ሰጥተነዋል» አለ፣ «ሹፌሩ ስልክ አያነሳም» አለ፣ ምናልባትም ብሩ የተላከበት ደረሰኝ አለ። ምስጋና በዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ገዢ ሆኖ የሚጠራጠር ሰው ነጋዴውን «ስሙን ሸፍነህ ከላይ ያለውንም አሳየኝ» ማለት ይችላል። እውነተኛው ነጋዴ እያጉረመረመም ቢሆን ያሳያል። የአንተው ነጋዴ «ለደንበኞቻችን ምስጢር ስንል» ይላል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ ስንፍናህ አሳዘነኝ። ዘጠኝ ምስጋና በአንድ ምሽት፣ ከ4:10 እስከ 4:45 ባለው ጊዜ ውስጥ ተለጥፎልሃል። ምጣድ ከአዲስ አበባ ወጥቶ በሆለታ አልፎ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ማሟሸት ሌላ ቀን ነው፤ ሊጥ ደግሞ ቀናት ካልቆየ አይቦካም። ስለዚህ ምስጋና ዕቃው ከተለጠፈ ከሳምንት በኋላ፣ አንዱ ዛሬ፣ አንዱ ከአራት ቀን በኋላ፣ አንዱ ለፋሲካ እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው። አንተ ምጣዱ ማክሰኞ ተለጥፎ ሐሙስ ማታ «ሦስት ወር ተጠቀምኩበት» አስባልክ። ሌላዋ ደግሞ ከአዲስ ዓለም «ዛሬ ጋግሬበት» ብላለች። ያን ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ መብራት አልነበረም፤ እትዬ በማገዶ ሲጋግሩ ስለዋሉ አይረሱትም። የምታስመሰግንበትን ከተማ መብራት ሳትጠይቅ አታስጋግር፣ ልጄ።

ጥድፊያ ሁሉ ግን ሐሰት አይደለም። አምቦ ያለ ሆቴል በዩኒቨርሲቲው ምርቃት ሰሞን አንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ አስተያየት ቢያገኝ ምክንያቱ እንግዳው ነው። ለበዓል ቅናሽ ያደረገ ሻጭም እንዲሁ። ልዩነቱ ከውስጡ ይታወቃል። እውነተኛ ጥድፊያ ቅሬታ ይዞ ይመጣል፤ ሲበዛ አልጋ ይጠፋል፣ ምግብ ይዘገያል፣ ዕቃ ይሳሳታል። የተገዛ ጥድፊያ ሁሉም አምስት ኮከብ ነው፣ ከዚያም ብሩ ሲያልቅ ድምፁ አብሮ ይጠፋል።

አራተኛው ያለፈ ታሪክህ ነው። ጉግል ካርታ ላይ የምትሠራ ከሆነ ተጠንቀቅ፤ ገዢው ስምህን ሲነካ የጻፍከው ሁሉ ሊዘረዘርለት ይችላል። አንድ ባልደረባህን አየሁ፤ አምቦ ያለ ሆቴል፣ ሐዋሳ ያለ ጥርስ ሐኪም፣ ድሬዳዋ ያለ የመኪና ጋራዥ፣ ዱባይ ያለ የፅዳት ድርጅት፣ ሁሉም አምስት ኮከብ፣ ሁሉም «ከሳምንት በፊት»። በዚያ ሳምንት ጥርሱን ነቅሎ፣ መኪናውን አሠርቶ፣ ቤቱን ዱባይ አስጸድቶ አምቦ ፍል ውሃ የገባ ሰው ብርቱ ነው። አንተን የሚታደግህ ጉግል ቀኑን ሳይሆን «ከወር በፊት»፣ «ከዓመት በፊት» እያለ መጻፉ ነው፤ አንድ ቀን የተጻፈውና በወሩ ውስጥ የተጻፈው አንድ ላይ ይድበሰበሳል። የስልክ መተግበሪያ በሚወርድበት ፕሌይ ስቶር ላይ ግን ቀኑ ከነቁጥሩ ስለሚታይ እዚያ አትሥራ።

ቴሌግራም ላይ ታሪክ የሚታየው ከአመስጋኙ ይልቅ ከቻናሉ ነው። የቻናል ስም ሲቀየር፣ ባለቤቱ ካልሰረዘው፣ እዚያው መሃል ላይ ማስታወቂያ ይቀራል። ልጅቷ ወደ ላይ ስታንሸራትት ምጣድ ሻጩ አምና የእግር ኳስ ውጤት ይናገር እንደነበር አገኘች። ተከታዮቹ የተሰበሰቡት ለኳስ ነው፤ «አርባ ሺህ ቤተሰብ አለን» የሚለው እውነት ነው፣ ቤተሰቡ ግን ምጣድ አልጠየቀም። ከዚያ የአንዱን ልጥፍ ሊንክ ቀዳች። የክፍት ቻናል ሊንክ እንዲህ ነው የሚያበቃው፦

```
t.me/የቻናሉ_ስም/4120
```

መጨረሻ ያለው ቁጥር የልጥፉ ተራ ነው። ቁጥሩ 4120 ሆኖ ቻናሉ ላይ የሚታየው መቶ ልጥፍ ብቻ ከሆነ፣ የቀረው የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቸኩሎ መፍረድ ግን አይገባም፤ አሥር ፎቶ አንድ ላይ ሲለጠፍ አሥር ቁጥር ይበላል፣ ያለቀ ዕቃ የሚሰርዝ ነጋዴም አለ። አራት ሺውን ሁሉ ግን ፎቶ አልበላውም።

በዚህ በታሪክ ጉዳይ ገዢዎች አንተን ሳይሆን ንጹሑን ሰው እንዳይይዙ እፈራለሁ። ሌላ አገር አንድ አስተያየት ብቻ ያለው አዲስ አካውንት ዋና መጠርጠሪያ ነው። እኛ አገር ግን ሰው ስልኩ በጠፋ ቁጥር አዲስ አካውንት ይከፍታል፤ በሕይወቱ አንዴ ቢጽፍ እሱም ተገፋፍቶ ነው። የአካውንት አዲስነት ብቻውን ምንም አይመሰክርም። አዲስነቱ፣ ፊደሉና ሰዓቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው ነገሩ የሚያስፈርደው።

ተስፋ እንዳትቆርጥ አንድ ያለፈለትን ላንሳልህ። ኡባ በትለር የሚባል የለንደን ጸሐፊ ድሮ ለምግብ ቤቶች በአሥር ፓውንድ የሐሰት አስተያየት ይጽፍ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. በሚኖርበት ጓሮ ያለችውን ዳስ ምግብ ቤት ነች ብሎ ትሪፕአድቫይዘር ላይ አስመዘገበ። ምግብ የለም፣ ወንበር የለም፤ በቀጠሮ ብቻ ነው ተባለ፣ ቀጠሮውም ሁልጊዜ ሞልቷል። በወራት ውስጥ ዳሷ የለንደን አንደኛ ምግብ ቤት ሆነች። አስተያየቶቹን የጻፉለት ጓደኞቹና የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ መሣሪያ፣ በራሱ ጊዜ። ከላይ የቆጠርኩልህ ምልክት ሁሉ እዚያ አይሠራም፤ ብዙ እጅ፣ ብዙ ወር ሲኖር ውሸት እውነትን ይመስላል። ልብ በል ግን፣ አንደኛ እስክትሆን ድረስ ዳሷን የጠበቃት ማንም አለመግባቱ ነው። አንተ የምታመሰግነው ምጣድ ነው፤ በሚኒባስ ጣሪያ ታስሮ እትዬ ቤት ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምሰጥህ የመጨረሻ ምክር፣ ዕቃውን ግዛው የሚል ነው። አትሳቅ፤ ከእኔ በፊት ትልልቆቹ ደርሰውበታል። አማዞን ላይ የሐሰት አስተያየት የሚያስጽፉ ነጋዴዎች «በእርግጥ የገዛ» የሚለው ምልክት አስተያየቱ ላይ እንዲወጣላቸው ሲሉ፣ በፌስቡክ ቡድኖች ሰው ይፈልጋሉ፤ ሰውየው ዕቃውን በገንዘቡ ይገዛል፣ አምስት ኮከብ ይሰጣል፣ ከዚያ ገንዘቡን በጎን ይመልሱለታል። ይህን ገበያ በ2022 እ.ኤ.አ. ያጠኑ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ግዢው እስከቀጠለ ድረስ የዕቃው ኮከብ ከፍ ይላል፤ ማስጻፉ ሲቆም ከእውነተኛ ገዢዎች የሚመጣው አንድ ኮከብ ይበዛል። ለእትዬ ዓይነት ገዢ ይህ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ከፍ ብሎ የነበረ ኮከብ በኋላ አንድ አንድ እያለ ሲወርድ ካዩ፣ የቅርቦቹን ብቻ ያንብቡ።

ስለዚህ ሂሳቡን እንሥራ። ምጣዱን ግዛ። ለሹፌሩ ክፈል። የጎመን ዘር ግዛና አሟሽ፣ ጤፍ አስፈጭተህ ሊጥ አቡካ፣ ቀኑን ጠብቅ፣ መብራት መኖሩን አረጋግጥ፣ ጋግር። ሁለቱ ቢጣበቁብህ አትደንግጥ፣ አምስተኛው ላይ ዓይን ያወጣል። ከዚያ ተቀምጠህ በራስህ ፊደል፣ የሆንከውን እንደሆነው ጻፍና ሃምሳ ብርህን ተቀበል። ነጋዴው ስለ ገመዱ ያልከውን አውጣልኝ ቢልህ አታውጣ፤ እንዲያውም ለምን እንዳጠረ ጠይቅልኝ፤ እትዬ ያንን ሳያውቁ አልገዛም ብለዋል።